ከመፈረም በፊት፦ በቤት ኪራይ ውል ላይ ስምን፣ ቀንንና ገንዘብን ስለ መመርመር

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ዕለት እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ትንሽ ይመስላል። ስለ አገር ኢኮኖሚ ወይም ስለ ፍልስፍና አይደለም። ስለ አንዲት ገጽ ወረቀት ነው፤ ይኸውም ከግቢ ውጭ ቤት የሚከራይ ተማሪ ሁሉ በመስከረምና በጥቅምት ቆሞ የሚፈርማት፣ ፈርሞም አጥፎ ከመጽሐፉ መካከል የሚከታት የኪራይ ውል ናት። በዚህች ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ወይም አንድ አኃዝ ቦታዋን ብትለቅ ምን እንደሚደርስ፣ ከመፈረም በፊትም እንዴት እንደምትያዝ የማውቀውን ያህል እነግራችኋለሁ። የማውቀውም ከሁለት ቦታ ነው፤ በመጀመሪያ ራሴ ተጎድቼበት፣ ቀጥሎም ሁለት ክረምት በአንድ የጽሕፈት ቤት ውስጥ ውል ስተይብ ከርሜ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በጽሑፍ ያለው ሲወረስ ስሕተቱም አብሮ ይወረሳል። ይህንን የተማርኩት እንዲህ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ሦስት ጓደኛሞች ሆነን አንዲት ክፍል ተከራየን። አከራያችን ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ፤ እማማ ነበር የምንላቸው። ኪራዩ በወር 4,500 ብር ሲሆን፣ ስንለቅ የሚመለስ የሦስት ወር መያዣ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ቆጥረን በእጃቸው ሰጠናቸው። ሦስት ጊዜ 4,500 ማለት 13,500 ብር ነው። ውሉን የጻፈልን ሰው ግን በመያዣው መስመር ላይ «ብር 1,350» ብሎ ጻፈ፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዲት ዜሮ ሳይመታ አለፈ፣ ነጠላ ሰረዙም ከቦታው ሸሸ። በፊደልም አልተጻፈም ነበር። ሦስታችንም አነበብን፣ እማማም አነበቡ፣ ሁለቱ ምስክሮችም አነበቡ፤ ስድስታችንም እንዲያ እያየን ሳናይ ፈረምን።

እማማ በሕይወት ሳሉ ነገሩ ጉዳት አላመጣም። የሰጠናቸውን ያውቁታልና። በሚቀጥለው ዓመት ግን እማማ ዐረፉ፤ ቤቱ ለልጃቸው ተላለፈ። እኛም ስንለቅ መያዣችንን ጠየቅነው። እርሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱን አውጥቶ አነበበና «እናቴ የተቀበለችው ይኸው 1,350 ነው፤ ከዚህ በላይ ከየት አመጣለሁ?» አለን። ሐሰት አልተናገረም፤ የወረሰውን ወረቀት ነው የተናገረው። ነገሩ በሽማግሌዎች ዘንድ ቀርቦ፣ የወር ኪራዩ 4,500 መሆኑ በዚያው ወረቀት ላይ ስለ ተጻፈ፣ የሦስት ወሩ 1,350 ሊሆን እንደማይችል አስረድተን 8,000 ብር ተመለሰልን። 5,500 ብሩ ግን እንደ ወጣ ቀረ።

በዚያን ጊዜ የሕግ ተማሪ የሆነ አንድ ጓደኛችን ያስረዳን ነገር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2005 እንደሚለው፣ የተፈረመ ጽሑፍ በፈረሙት ሰዎች መካከል በውስጡ ላለው ስምምነትና ለያዘው ቀን ሙሉ ማስረጃ ነው። እንግዲህ ፈራሚው «ያሰብኩት ሌላ ነበር» ቢል፣ ወረቀቱ በፊቱ ቆሞ ይከራከረዋል ማለት ነው። ስለዚህ ስሕተትን የመያዣው ጊዜ ብዕሩ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ከፊርማ በፊት አንዲት ገጽ ዳግመኛ ማተም የጥቂት ብር ጉዳይ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ውል አብረን እንመርምር። ስሞቹ ለትምህርት ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው። ስሕተቶቹንም ሆን ብዬ አስገብቻለሁና፣ ይህን ንግግር ለጋዜጣችን የሚጽፈው ወንድማችን እባክህ እንዳታርማቸው።

«የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል።

አከራይ፦ ወ/ሮ አበበች ለማ ደስታ። ተከራይ፦ አቶ ተሾመ ግዛው በቀለ።

1ኛ. አከራይ የቤት ቁጥሩ 417 ከሆነው ቤቴ አንዱን ክፍል ለተከራይ ለመኖሪያ አከራይቻለሁ።

2ኛ. የኪራዩ ዘመን ከጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. እስከ መስከረም 30 ቀን 2019 ዓ.ም. ለሁለት ዓመት ነው።

3ኛ. የወር ኪራዩ ብር 6,500 (ስድሳ ሺህ አምስት መቶ ብር) ሲሆን በአከራይ የባንክ ሒሳብ ይከፈላል።

4ኛ. ተከራይ የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ ብር 31,000 ከፍሏል።

የአከራይ ስምና ፊርማ፦ አበባ ለማ ደስታ። የተከራይ ስምና ፊርማ፦ ተሾመ ግዛቸው በቀለ።

ውሉ የተፈረመበት ቀን፦ መስከረም 25 ቀን 2081 ዓ.ም.»

ይህን ወረቀት አንድ ጊዜ ፈጥኖ ላነበበ ሰው ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል። ምክንያቱም ዓይናችን የተጻፈውን ሳይሆን የሚጠብቀውን ያነባል። «ስድስት ሺህ አምስት መቶ ነው ኪራዩ» ብሎ የተስማማ ሰው፣ «ስድሳ ሺህ» የሚለውን ሲያይ አእምሮው ራሱ አርሞ ያልፈዋል። ስለዚህ ለጥሩ ምርመራ ዋናው ዘዴ ደጋግሞ ማንበብ አይደለም፤ ማመሳከር ነው። አንዱን ነገር ከሌላው ነገር ጎን አቁሞ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸውን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሦስቱን ነገሮች፣ ማለት ስምን፣ ቀንንና ገንዘብን በየተራ እንያቸው።

በመጀመሪያ ስም። በጽሕፈት ቤት የሠራሁ ሰው ነኝና የስም ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ውል በጠየቃችሁት ቁጥር ከባዶ አይጀምርም። ትናንት ለሌላ ሰው የሠራው ውል በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ እርሱን ይከፍትና የላይኛውን ስም፣ ቀኑንና ገንዘቡን ይለውጣል። ከላይ ያለውን ሁሉም ሰው ስለሚያየው ይታረማል፤ ከታች በፊርማው ቦታ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ወይም በጥድፊያ እንደገና ሲጻፍ ይበላሻል። በምሳሌያችን ከላይ «አበበች» የተባሉት ከታች «አበባ» ሆነዋል፤ «ግዛው» የነበረው አባትም ከታች «ግዛቸው» ሆኗል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ስምን ከላይ ካለው ስም ጋር ከታች ያለውን አመሳክሩ፤ በመካከልም ተደግሞ ከሆነ በየቦታው ጣታችሁን አኑራችሁ ተከተሉት።

በእኛ አገር የቤተሰብ ስም ስለሌለን፣ ሰው የሚታወቀው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተለወጠ በወረቀት ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። የአማርኛ ፊደል ደግሞ በአንድ ቅርጽ ትንሽ ለውጥ ሰውን ይለውጣል። ፍቅሬና ፍቅሩ፣ ዓለሙና ዓለሜ፣ ተስፋና ተስፋዬ፣ ከበደና ከበደች ሁሉም ትክክለኛ ስሞች ናቸው፤ ትክክለኛ ስም በመሆናቸውም ዓይን አይደነቅፍባቸውም። «ሰማ» እና «ለማ» ደግሞ በቅርጽ ይቀራረባሉ፤ ያተመው መሣሪያ ቀለሙ የደከመ ከሆነ ለመለየት ያስቸግራሉ።

«ታዲያ ኃይሉ በ‹ኃ› እና ሀይሉ በ‹ሀ› ቢጻፍስ?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔ የምጠቀምበት መለያ እንዲህ ነው፤ ስሙን ጮኽ ብላችሁ አንብቡት። ድምፁ ካልተለወጠ፣ እንደ ዓለማየሁና አለማየሁ፣ እንደ ሥዩምና ስዩም ያለው የአጻጻፍ ልዩነት ነው፤ ሰውየው ያው ነው። ድምፁ ከተለወጠ ግን ሰውየው ተለውጧልና መታረም አለበት። ያም ሆኖ ውሉ ገና ሳይታተም ጸሐፊው አጠገብ ካላችሁ፣ በመታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ በሉት። ኋላ ውሉን የሚመዘግበው ሠራተኛ የሚያስተያየው ከመታወቂያው ጋር ነው፤ አንድ ፊደል አይቶ «ይህ ሌላ ነው» ቢላችሁ እንደገና መመላለስ ይመጣል።

ስም በወረቀቱ ውስጥ ብቻ ተመሳክሮ አያበቃም፤ ከወረቀቱ ውጭ ካሉ ሦስት ነገሮች ጋር መግጠም አለበት። አንደኛው የአከራዩ መታወቂያ ነው። ሁለተኛው የቤቱ ይዞታ ማረጋገጫ ወይም፣ የሚያከራየው ሰው ባለቤቱ ካልሆነ፣ የውክልናው ወረቀት ነው። ሦስተኛው የባንክ ሒሳቡ ስም ነው። ይህ ሦስተኛው ዛሬ ከድሮው ይልቅ ይጠቅማል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል ያዛልና። ውሉ ላይ «አበባ ለማ» ተብሎ ተጽፎ እናንተ ለ«አበበች ለማ» ብትከፍሉ፣ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ራሱ ስለ ማን እንደሆነ የምታስረዱት ሌላ ጉዳይ ይሆናል።

በዚሁ አጋጣሚ የቤቱን ቁጥር እንይ። በምሳሌያችን 417 ተብሏል። ይህ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት? ወረቀቱን ሺህ ጊዜ ብታነቡት አታውቁም። ወደ በሩ ሄዳችሁ በቆርቆሮው ላይ 471 የሚል ካገኛችሁ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ። ከስሕተት አንዳንዱ በወረቀቱ ውስጥ እርስ በርሱ ሲጋጭ ይታያል፤ አንዳንዱ ግን ከበሩ፣ ከመታወቂያው ወይም ከካርታው ጋር ሲጋጭ ብቻ ይታያል። ውል ለመፈረም ስትሄዱ የቤቱን ቁጥር በማስታወሻ ጽፋችሁ ሂዱ የምለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቀን ነው። ቀንን በተመለከተ የኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር ትልቅ ርዳታ ይሰጠናል፤ አሥራ ሁለቱ ወሮች ሁሉም እኩል ሠላሳ ቀን ናቸውና። በውል ላይ «ሰኔ 31» የሚል ካያችሁ ሳትጠራጠሩ ስሕተት ነው። ጳጉሜን ደግሞ አምስት ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ ብቻ ስድስት ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. ስድስት ነበረች፤ ተመልሳ ስድስት የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «እስከ ጳጉሜን 6 ቀን 2018» የሚል ውል ከሌለ ቀን ላይ ያበቃል ማለት ነው።

የውሉ ዘመን ሲመረመር ሦስት ነገሮች አሉ፤ መነሻው ቀን፣ መድረሻው ቀን፣ እና «ለይህን ያህል ዓመት» የሚለው ቃል። ከሦስቱ ሁለቱን ወስዳችሁ ሦስተኛውን ራሳችሁ አስሉ። በምሳሌያችን መነሻው ጥቅምት 1 ቀን 2018 ነው። ሁለት ዓመት ስንጨምር ጥቅምት 1 ቀን 2020 ይሆናል፤ ይህ ግን የሚቀጥለው ዘመን የመጀመሪያ ቀን ነው። የእኛ ውል የመጨረሻ ቀን ከዚያ በፊት ያለው ቀን ነው፤ ይኸውም መስከረም 30 ቀን 2020 ነው። ወረቀቱ 2019 ይላል፤ አንድ ዓመት ጎድሏል። ይህ ስሕተት ከባድ ነው። ተከራይ ሁለት ዓመት አለኝ ብሎ ሲቀመጥ፣ በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ፣ ትምህርት በተከፈተ ሳምንት፣ «ዘመንህ አልቋል» ሊባል ይችላል። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ፣ ክርክሩ ቢነሣ ተከራዩ የሚለው ነገር አለው፤ ዳሩ ግን በፈተና ሰሞን ከመከራከር በፊት አንዲቱን አኃዝ ማስታረም ይሻላል።

የተፈረመበት ቀን ደግሞ ብዙ ሰው ጨርሶ የማያየው ቦታ ነው። በምሳሌያችን 2018 መሆን ሲገባው 2081 ሆኗል፤ የጸሐፊው ሁለት ጣቶች ተቀዳድመው ነው። ሰው ይስቅበታል እንጂ አያርመውም። ነገር ግን ሕጉ የተፈረመ ጽሑፍ ለያዘው ቀን ማስረጃ ነው እንደሚል አስታውሱ። ውሉ ደግሞ ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት፣ ሠላሳው ቀን የሚቈጠረው ከዚህ ቀን ነው። ስድሳ ሦስት ዓመት ወደ ፊት የተጻፈ ቀን ይዞ ለምዝገባ መቅረብ ወረፋውን ሁለት ጊዜ መጠበቅ ነው።

ቀንን ሳልጨርስ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አከራዩ በውጭ አገር የሚኖር ሆኖ በውክልና የሚያከራይ ከሆነ፣ የውክልናው ወረቀት በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በእነርሱ ኦክቶበር 11 ቀን 2025 ነው። ሁለቱ አቈጣጠሮች በአንድ ገጽ ላይ ከተደባለቁ፣ ከአንዱ ጎን «ዓ.ም.»፣ ከሌላው ጎን «እ.ኤ.አ.» መጻፉን ተመልከቱ። «10/02/2018» እየተባለ በአኃዝ ብቻ የሚጻፈውንም አትቀበሉ፤ ለእኛ ጥቅምት 10 ነው፣ ለሌላው ግን ያለፈ ዘመን የካቲት ነው። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አንድ ወጥመድ አለው። በአማርኛ የአንድ ቤትና የዐሥር ቤት ቊጥሮች ስማቸው ይቀራረባል፤ ስድስትና ስድሳ፣ ሰባትና ሰባ፣ ስምንትና ሰማንያ፣ ዘጠኝና ዘጠና፣ አምስትና አምሳ። ጸሐፊው «ስድስት» ሊል ሲል «ስድሳ» ቢል፣ ኪራዩ ከ6,500 ወደ 60,500 ይወጣል። በአኃዝ የተጻፈውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ይህን አያይም። በፊደል የተጻፈውን ለብቻ፣ ቃል በቃል፣ ጣትን እያስኬዱ ማንበብ ያስፈልጋል።

«ሁለቱ ቢጋጩ በአኃዝ ያለው ይጸናል ወይስ በፊደል ያለው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የንግድ ሕግ የተማራችሁ በቼክ ላይ በፊደል የተጻፈው እንደሚበልጥ ታውቃላችሁ። የኪራይ ውል ግን ቼክ አይደለምና በዚያ አትተማመኑ። ደግሞም በፊደል ያለው ይጸናል ቢባል በምሳሌያችን የሚጎዳው ተከራዩ ነው። ስለዚህ ሁለቱ እንዲስማሙ አድርጎ መፈረም ነው እንጂ በየትኛው እንደሚፈረድ መገመት አይደለም። በአኃዝ ብቻ የተጻፈ ገንዘብም ካለ፣ እንደ 4ኛው አንቀጽ፣ በፊደልም ይጨመርበት በሉ። እኛን የጎዳችን ያቺ ዜሮ በፊደል «አሥራ ሦስት ሺህ አምስት መቶ» የሚል ጓደኛ ቢኖራት ኖሮ በዚያው ቀን በተያዘች ነበር።

ከዚያ በኋላ ማባዛት ይቀራል። የወር ኪራዩ 6,500 ከሆነ የሁለት ወሩ 13,000 ነው። ወረቀቱ ግን 31,000 ይላል። እዚህ ላይ የሒሳብ መዝገብ ያዦች የሚጠቀሙበትን አንዲት ብልኀት ልስጣችሁ። የሚጋጩትን ሁለት ቁጥሮች አቀናንሱ፤ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ምናልባት ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ወይም አንድ ዜሮ ተጨምራለች፣ አለዚያም ወድቃለች። 31,000 ሲቀነስ 13,000፣ 18,000 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 2,000 ይደርሳል። የቤቱ ቁጥር 471 ሲቀነስ 417፣ 54 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 6 ይደርሳል። የዓመተ ምሕረቱም 2081 ሲቀነስ 2018፣ 63 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 7 ይደርሳል። የእኛ 13,500 እና 1,350 ልዩነትም 12,150 ነበርና ለ9 ሲካፈል 1,350 ይደርሳል። ይህ ብልኀት ግን ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። ጸሐፊው 6,500 ሊል 6,800 ቢል ልዩነቱ 300 ነው፤ ለ9 አይካፈልም፣ ስሕተት ግን ነው። ጥቅሙ ሁለት ነገር ተጋጭቶ ባያችሁ ጊዜ ስሕተቱ የጣት መሆኑን ለአከራዩ ለማስረዳት ነው፤ «እማማ፣ ማንም ማንንም አላታለለም፤ ሦስትና አንድ ቦታ ተለዋውጠው ነው» ለማለት ያስችላችኋል። በዚያው ላይ ይህ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለሚከለክል፣ በውሉ ላይ 31,000 የሚል ቢቀር አከራይዋንም ያስጠይቃቸዋል። ስለዚህ ማረሙ ለሁለቱም ወገን ነው።

እንዲህ እያልን በምሳሌው ውል ከወረቀቱ ውስጥ ስድስት ስሕተቶች፣ ከበሩ ላይ ደግሞ ሰባተኛውን አገኘን። ይህን ሁሉ ለመሥራት ሁለት ሰው ከሆናችሁ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። አንዱ መታወቂያውንና ማስታወሻውን ይዞ ጮኽ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በእርሳስ ጫፍ ወረቀቱን ይከተላል። ቁጥር ሲደርስ «ስድስት ሺህ አምስት መቶ» ብላችሁ አትንገሩት፤ «ስድስት፣ አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ» እያላችሁ አኃዝ በአኃዝ ጥሩት። ለብቻችሁ ከሆናችሁ ከታች ወደ ላይ አንብቡ፤ ከፊርማው ጀምራችሁ ወደ ርእሱ ስትወጡ ትርጉሙ አይጎትታችሁምና ዓይናችሁ ፊደሉን ያያል።

ስሕተት ስታገኙስ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚይዘን ይሉኝታ ነው። አከራይዋ እናት የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ምስክሮቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጸሐፊው ሌላ ደንበኛ አለው። «አንድ ፊደል ናት፣ ምን አለበት» እንላለን። እኛም በ2013 ዓ.ም. ይህንኑ ብለን ነበር። ሰውን ሳያስቀይሙ መናገር ይቻላል። «እማማ፣ የእርስዎን ስም አበላሽቶታል፤ ነገ ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ሲያነበው እርስዎን እንዳያስቸግርዎት እናስተካክለው» ብትሉ የሚቈጣ አይኖርም። ከእርሳቸው ወገን ካለው ስሕተት ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ እናንተ ወገን እለፉ።

ከሁሉም የሚሻለው ገጹን አርሞ እንደገና ማተም ነው። ያ ካልተቻለ የተሳሳተውን ሳትፍቁና ነጭ ቀለም ሳትቀቡ በአንዲት መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ከበላዩ ጻፉ፤ ከጎኑም አከራይ፣ ተከራይና ምስክሮች ሁሉ ይፈርሙበት። ይህም በሁሉም ቅጂዎች ላይ ይሁን። የእናንተ ቅጂ 13,000፣ የእርሳቸው ቅጂ 31,000 ካለ፣ አንድ ውል ሳይሆን ሁለት የሚጣሉ ውሎች አላችሁ ማለት ነው። የታረመው ገጽ እንደገና ሲታተምም እንደ አዲስ መርምሩት፤ በጽሕፈት ቤት ሳለሁ አንዱን አኃዝ ሳስተካክል ሌላውን ያበላሸሁበት ቀን ጥቂት አልነበረም።

ከተፈረመ በኋላ ስሕተት ያገኛችሁ ካላችሁ፣ በቃል «ተግባብተናል» ብላችሁ አትተዉት። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቁጥር 1722 በልዩ ፎርም የተደረገ ውል ሲለወጥም በዚያው ፎርም እንዲለወጥ ያዛል። አንዲት አጭር የማረሚያ ጽሑፍ «በእንዲህ ያለ ቀን በፈረምነው ውል 4ኛ አንቀጽ ላይ 31,000 የተባለው 13,000 ተብሎ ይነበብ» የምትል ተዘጋጅታ፣ ሁለቱ ወገኖችና ሁለት ምስክሮች ፈርመውባት ከውሉ ጋር ትያያዝ፤ ውሉ ተመዝግቦ ከሆነም ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ትቅረብ። ይህንም ማድረግ የሚሻለው ሁለቱም ወገኖች በሕይወትና በፍቅር ሳሉ፣ የተስማሙበትንም ሳይረሱ ነው።

ከእናንተ መካከል የውላችሁን ቅጂ በመጽሐፍ ውስጥ ያኖራችሁ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ማታ አውጡት፤ የታችኛውን ስም ከላይኛው፣ መድረሻውን ቀን ከመነሻው፣ አኃዙን ከፊደሉ ጋር አስተያዩት። እማማ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኛ ይህን ያደረግነው ከእርሳቸው ለቅሶ በኋላ ነበር።